ክኒን በጠበል፦ ሃይማኖትና ሳይንስን የሚያዛምዱ አራት ሞዴሎች
ለሃይማኖት ፍልስፍና ኮርስ የቀረበ አጭር ድርሰት

አክስቴ የደም ግፊት ክኒኗን የምትውጠው በጠበል ነው። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የመጣችውን ጀሪካን ታዘነብላለች፣ ታማትባለች፣ ክኒኗን ትጥላለች፣ በላዩ ላይ ጠበሏን ትጎነጫለች። አንድ ቀን «የትኛው ነው የሚያሽልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ጥያቄህ ራሱ አልገባኝም» አለችኝ። ይህን ድርሰት ስጽፍ ያ መልሷ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

አሜሪካዊው ኢያን ባርበር ሃይማኖትና ሳይንስ እንዴት ይዛመዳሉ በሚለው ጥያቄ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቷል። ሰውየው ፊዚክስ የተማረ፣ ኋላም ነገረ መለኮት ያጠና ነበር። ሃይማኖትና ሳይንስ የሚገናኙባቸውን መንገዶች በአራት ከፈላቸው፦ ግጭት፣ ነጻነት፣ ውይይትና ውህደት። እኔ አራቱን በሁለት ጥያቄ እመዝናቸዋለሁ። አንደኛ፣ ታሪኩ እውነት እንደሚሉት ነው? ሁለተኛ፣ ሃይማኖትና ሳይንስ ስለ አንድ ነገር የተለያየ ሲናገሩ ሞዴሉ ምን አድርጉ ይለናል? በእኔ እይታ ሁለተኛውን ጥያቄ በደንብ የሚመልሰው ውይይት ነው። እሱም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በግጭት ልጀምር። ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ጆን ድሬፐር በ1874፣ አንድሩ ዋይት ደግሞ በ1896 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ታሪኩን የሁለት ጦር ውጊያ አስመስለው አቀረቡት። ዋና ምስክራቸው ጋሊሊዮ ነው። በ1616 ቤተ ክርስቲያን መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን ሐሳብ እንዳያስተምር ከለከለችው። በ1633 ለፍርድ ቀረበ፣ ሐሳቡን በመሐላ ካደ፣ በ1642 እስኪሞትም በቁም እስር ኖረ። ይህ ተረት አይደለም።

ግን ቀረብ ብለን ስናየው ጦር ሜዳው ግራ ያጋባል። ጋሊሊዮ ራሱ አማኝ ነበር። በ1615 በጻፈው ደብዳቤ መንፈስ ቅዱስ የሚያስተምረን ወደ ሰማይ እንዴት እንደሚኬድ እንጂ ሰማይ እንዴት እንደሚሄድ አይደለም የሚለውን አባባል ሲጠቅስ፣ ቃሉን ያገኘው ከአንድ ካርዲናል ነው። ተቃዋሚዎቹም ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። መሬት የምትዞር ከሆነ ከዋክብት በዓመት ውስጥ ቦታቸው ትንሽ ፈቀቅ ሲል መታየት ነበረበት። ያን ጊዜ ማንም አላየውም። ቤሰል የተባለው ጀርመናዊ ይህን ፈቀቅታ ለክቶ ያሳወቀው በ1838 ነው። ጋሊሊዮ ትልቁ ማስረጃዬ ያለው የባሕር ሞገድ ከፍታና ዝቅታ ደግሞ ስህተት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጠቡ የሳይንስና የሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ሳይንስ ከሳይንስ፣ ሃይማኖትም ከሃይማኖት ይከራከር ነበር። ሥልጣን ደግሞ አንዱን ወገን ይዞ ፈረደ።

ባርበር እዚህ ላይ አንድ የምወድለት ነገር ይላል። ከቁስ ሌላ ምንም የለም የሚለው ሰውና መጽሐፉን በቁሙ ብቻ የሚያነበው ሰው ጠላት ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሁለቱም ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ይሉሃል። አክስቴ ያልገባት ይህ ይመስለኛል።

ነጻነት የሚባለው ሞዴል ጠቡን በአጥር ይፈታዋል። ታዋቂው ጠበቃው የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ስቲቨን ጄይ ጉልድ ነው። በ1997 ባወጣው ጽሑፍ ሳይንስ የተፈጥሮን እውነታ፣ ሃይማኖት ደግሞ ትርጉምንና ግብረ ገብን ይያዙ፣ አንዱ ወደ ሌላው ግቢ አይግባ አለ። እውነቱን ለመናገር እኛ ተማሪዎች አብዛኞቻችን የምንኖረው እንዲህ ነው። ሰኞ የባዮሎጂ ፈተና፣ እሁድ ቅዳሴ። ሁለቱ አይነካኩም። ሰላም ነው።

ሰላሙ ግን ሰው እስኪታመም ድረስ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንጦጦ ማርያምና ሌሎች የጠበል ቦታዎች ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ተጨናንቀው ነበር። በ2005 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ከባድ ጥያቄ መጣ። ለአንዳንዱ ሰው ጠበል ከገባህ ክኒኑን ተው፣ ካልተውክ እምነትህ ጎደሎ ነው ይባል ነበር። መድኃኒቱ ደግሞ የሚሠራው ቫይረሱ እንዳይራባ በየቀኑ በመያዝ ነው። ሲቋረጥ ቫይረሱ ይመለሳል፣ መድኃኒቱን ሊላመድም ይችላል።

ይህን በጉልድ አጥር አካፍሉ እስቲ። ክኒን ተው የሚለው ምክር የትርጉም ጉዳይ ነው ወይስ የደም ጉዳይ? ሁለቱንም ነው። ሃይማኖቱ ስለ አካል ተናግሯል። ሐኪሙም በጊዜ ውሰድ ሲል ሕይወት ይበልጣል የሚል ግብረ ገብ ይዟል። አጥሩ የሚያልፈው በታማሚው ሰውነት መሐል ነው። ነጻነት ለብዙ ጉዳይ ጥሩ ጨዋነት ነው፤ በአንድ ነገር ላይ ሁለት ቃል ሲመጣ ግን መልስ የለውም።

ውህደትን አስቀድሜ ልጨርሰው፣ ምክንያቱም አታላይ ነው። ይህ ሞዴል ሁለቱን አንድ ዕውቀት ሊያደርጋቸው ይፈልጋል። እንግሊዛዊው የነገረ መለኮት ሰው ዊልያም ፔሊ በ1802 የዓይንን አሠራር አይቶ ሰዓት ካለ ሰዓት ሠሪ አለ፣ ዓይንም ካለ ፈጣሪ አለ አለ። በ1859 ዳርዊን ያንኑ የዓይን አሠራር ያለ ሰዓት ሠሪ አስረዳ። በዓይን ላይ እምነቱን የገነባ ሰው መሠረቱ ተናጋበት።

ከዚህ የሚሻል ማስጠንቀቂያ ከራሱ ከቄስ አፍ ወጥቷል። ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለውን ሐሳብ ቀድመው ካቀረቡት አንዱ ቤልጂጋዊው የካቶሊክ ቄስ ጆርጅ ለሜትር ነው። በ1927 ኅዋ እየሰፋ ነው ብሎ ጻፈ፣ በ1931 ደግሞ ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ አቶም ጀመረ አለ። በ1951 ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ ሳይንስ የፍጥረትን ቅጽበት መሰከረ የሚል ይዘት ያለው ንግግር አደረጉ። ቄስ ሆኖ ይህን የማይወድ ማን ነው? ለሜትር አልወደደም። ንድፈ ሐሳቤ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው የሚል አቋም ነበረው። ለአማኙም ለከሃዲውም እኩል ክፍት እንዲሆን ፈለገ። ሳይንስ ነገ ሊሻሻል እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል። እግዚአብሔርን በሚሻሻል ነገር ላይ መቸንከር አልፈለገም።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ቅርብ ነው። ሳይንስ ዛሬ የደረሰበትን መጽሐፋችን ድሮ ተናግሮታል የሚል ቪዲዮ በየስልካችን ይዞራል፤ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም። ደስ ይላል። ግን ሁልጊዜ የሚነገረው ሳይንሱ ከተናገረ በኋላ ነው። ቀድሞ የነገረን የለም። በእርግጥ ውህደት ከዚህ የረቀቀ መልክም አለው፤ የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የዋይትሄድ ፍልስፍናና የፈረንሳዊው ቄስና ሳይንቲስት የቴያር ደ ሻርደን ሐሳብ ከቪዲዮው ጋር አይወዳደሩም። ቢሆንም የለሜትር ማስጠንቀቂያ እነሱንም ይመለከታል።

የቀረው ውይይት ነው። ውይይት አጥሩን አያፈርስም፣ በሩን ግን ይከፍታል። አንደኛው የማይመልሰውን ጥያቄ ሌላው ሲያነሳ ይደማመጣሉ። የራሳችን ባሕረ ሐሳብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፋሲካ መቼ ነው የሚለው ጥያቄ የእምነት ነው፤ መልሱ ግን በሒሳብ ይገኛል። 2016 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7516 ነው። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፣ ያ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስ 10፣ ወንበር። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 110፣ በ30 ሲገደፍ 20፣ አበቅቴ። በ19 ሲባዛ 190፣ በ30 ሲገደፍ 10፣ መጥቅዕ። ከዚያ በተውሳክ እየደመሩ ሲሄዱ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ላይ ይወድቃል። ትውፊቱ ይህ ቀመር ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ ተገለጠለት ይላል። ይሁን። ቀመሩን ግን ማንም እስክሪብቶ ያለው ሰው ሊያረጋግጠው ይችላል።

ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። በቀኖናችን ያለው መጽሐፈ ሄኖክ የዓመቱን ቀን 364 ያደርገዋል። የቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር የሚሠራው ግን በ365 ቀን ከሩብ ነው። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ኖረዋል። መጽሐፉ አልተጣለም፣ አቆጣጠሩም አልተቀየረም። ቁጥርን በቁጥር፣ መጽሐፍን በመጽሐፍነቱ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ስል ምሳሌዬን ማሳመር አልፈልግም። ቀመሩ የቆመበት የ19 ዓመት ዑደት ፍጹም አይደለም። ከጨረቃ ጋር በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ያህል ይዛነፋል። ዛሬ የቀመሩ ሙሉ ጨረቃ ከእውነተኛዋ አራትና አምስት ቀን ይዘገያል። ካቶሊኮች በ1582 አስተካከሉ፣ እኛ በአበው ቀመር ቀጠልን። ለምን አልተስተካከለም ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይመስላል። ውይይት ዋጋ ያስከፍላል ያልኩት ይህን ነው። ሌላው ወገን ተሳስተሃል ሲል መስማት አለበት። ለመስማማት ብቻ የሚደረግ ውይይት የተዋበ ነጻነት ነው።

ወደ እንጦጦ እንመለስ። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት አይደለም፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው የሚል ይዘት ያለው መልእክት አስተላለፉ። ይህን ለማለት ከውጭ የተዋሱት ነገር አልነበረም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም አይንቀውም ይላል። ሐኪሞቹ ስለ ቫይረሱ ያወቁትን ተናገሩ፣ ቤተ ክርስቲያኗም ከራሷ መጽሐፍ መልስ አገኘች። ማንም ማንን አልዋጠም።

የባርበር አራት ሳጥኖች ይህን ሁሉ አይዙትም። የታሪክ ሊቁ ጆን ብሩክ የሁለቱ ታሪክ ለአንድ ሞዴል የማይመች ውስብስብ ነው ሲል ልክ ነው። በአንድ የጠበል ቦታ፣ በአንድ ጠዋት፣ አራቱንም ማየት ይቻላል። ከሁሉ በላይ ሳጥኖቹ ማን ይናገራል የሚለውን አይጠይቁም። የፓትርያርክ ቃል የሚሰማውን ያህል የአንድ ነርስ ቃል አይሰማም።

ምናልባት እንዲህ ማለቴ ለነርሶች አይመጥንም። ባለፈው ዐቢይ ጾም አክስቴን ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄጄ ነበር። ግፊቷ ከፍ ብሏል። ነርሷ ክኒኑን ትወስጃለሽ ወይ ብላ አልተቆጣቻትም። «እናቴ፣ ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት?» ብላ ጠየቀቻት። አክስቴ እስከ ዘጠኝ ነው አለች፤ ጠበሉንም ክኒኑንም በጾም ሰዓት እንደተወቻቸው ያን ጊዜ ተናዘዘች። ነርሷ ሐኪሙን አማክራ ተመለሰችና የክኒኑን ሰዓት ወደ ማታ አዛወረችላት። አክስቴ ለንስሐ አባቷ ስትነግራቸው «ቀድሞስ ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት። አሁን ማታ ማታ ነው የምትውጠው። በጠበል።