በአዳማና በወንጂ ዙሪያ ስላለው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድና ስለ ተማሪዎች ጥርስ መበለዝ የቀረበው ጽሑፍ፦ የገምጋሚ አስተያየት

አዳማ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

እንድገመግመው የላኩልኝን ጽሑፍ ከነአባሪዎቹ ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ከፍተኛ ማሻሻያ ተደርጎበት ዳግም እንዲቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከአዘጋጆቹ ጋር የሥራም ሆነ የጥቅም ግንኙነት የለኝም። ነጥቦቹን ያስቀመጥኋቸው እንደ ክብደታቸው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ካልተፈታ የቀሩት ቢታረሙም ጽሑፉ አይድንም።

ከሁሉ የሚከብደው አዘጋጆቹ ልጆቹ የጠጡትን ፍሎራይድ የገመቱበት መንገድ ነው። የእያንዳንዱ ተማሪ መጠን የተወሰደው ዛሬ ከሚኖርበት ቀበሌ ጉድጓድ፣ ያውም በበጋ አንድ ጊዜ ብቻ ከተቀዳ ናሙና ነው። ይሁን እንጂ ከመንጋጋ መጨረሻዎቹ በቀር የቋሚ ጥርሶች ሽፋን የሚሠራው እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ስለሆነ፣ የ14 ዓመት ልጅ ጥርስ የሚመሰክረው ያን ጊዜ ስለጠጣው ውሃ እንጂ ዘንድሮ ስለሚጠጣው አይደለም። ወንጂ ደግሞ ለአገዳ ሥራ ከሌላ አካባቢ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ስፍራ ነው፤ በአዳማም ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ የደረሰው ለሁሉም ሰፈር በአንድ ጊዜ አይደለም። እዚህ ለምንኖር ሰዎች ከጉድጓድ ወደ ቦኖ የተሻገረ ጎረቤት ማግኘት አይቸግረንም። ስለዚህ የትውልድ ቦታ፣ የመኖሪያ ዘመንና የውሃ ምንጭ ለውጥ ከወላጆች ተጠይቆ ስሌቱ እንደገና ይሠራ፤ ይህ ካልተቻለ ትንተናው እዚያው ተወልደው ባደጉት ብቻ ይወሰን።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ጥርሶቹን የመበለዝን ክብደት በደረጃ በሚከፍለው በዲን መለኪያ የመደቡት አንድ ባለሙያ ናቸው፤ ተማሪዎቹ ከየት እንደመጡም ያውቁ ነበር። የበለዘ ጥርስ ይጠብቁ በነበረበት ቀበሌ አጠራጣሪውን «ቀላል» ብለው መመደባቸው አይቀርም። ፎቶግራፎች ካሉ፣ አካባቢውን የማያውቅ ሁለተኛ መዳቢ ከፊሉን አይቶ የሁለቱ ስምምነት በቁጥር ይገለጽ።

ሦስተኛው የስታቲስቲክስ ጉዳይ ነው። 412 ተማሪዎች የተመረጡት ከስድስት ትምህርት ቤቶች ሆኖ ሳለ፣ ሠንጠረዥ 3 እርስ በርስ ያልተያያዙ አድርጎ ቆጥሯቸዋል፤ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ በመሆናቸው የስህተት ወሰኑ ከተገለጸው መስፋት አለበት።

ከእነዚህ ያነሰ ቢሆንም፣ የውሃው ፍሎራይድ በኤሌክትሮድ ሲለካ ማስተካከያ ድብልቅ መጨመሩ አልተጠቀሰም፤ ድብልቁ ካልተጨመረ አሉሚኒየምና ብረት ፍሎራይዱን ይዘው ንባቡን ስለሚያሳንሱ ይህ ይብራራ። ማጠቃለያው ጉድጓዶቹ ይዘጉ ማለቱም ከመረጃው አልፏል፤ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ ማለትም ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር መብለጡ ውሃው ይጣራ ያሰኛል እንጂ አማራጭ ለሌለው ቀበሌ ጉድጓዱን ይዝጉበት አያሰኝም።

ውድቅ ይደረግ ያላልሁት የጉድጓዶቹ ጥልቀት ከነመጠኑ በጥንቃቄ ስለተመዘገበ ነው፤ ይህ ክፍል ብቻውን እንኳ ለአካባቢው ውሃ ባለሙያዎች ይጠቅማል። የተሻሻለውን ቅጂ ለማየት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለተኛ ገምጋሚ