ለ3 ሳምንት የቤተሰብ ጥየቃ ቪዛ ከማመልከቻዬ ጋር የተያያዘ ደብዳቤ

ለኮንሱላር ክፍል፣ ማመልከቻዬን ለሚያዩት ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ፣

ከጁላይ 4 እስከ ጁላይ 24 ቀን 2026 ድረስ፣ የመግቢያዬም የመውጫዬም ቀን ተቆጥሮ 21 ቀን፣ እናንተ አገር የምትኖረውን ታናሽ እህቴን ለመጠየቅ የጎብኚ ቪዛ እያመለከትኩ ነው። ፎርሙ ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ነው ይሄን ለብቻ የጻፍኩት።

እህቴ ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው፣ በመሀል አንዴ ብቻ መጥታ አይተናታል። ባለፈው ጃንዋሪ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፣ ሴት ናት፣ እስካሁን የማውቃት በቪዲዮ ኮል ብቻ ነው፤ ድምፄን ስትሰማ ስክሪኑን ልትልስ ትመጣለች። እናታችን ራሷ መሄድ ነበረባት፣ ግን ጉልበቷን ስለሚያማት ያን ያህል ሰዓት አውሮፕላን ላይ መቀመጥ አትችልም፣ ስለዚህ እኔ ነኝ የምሄደው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ግልጽ ላድርግ፣ ሕፃን ልጠብቅላት አይደለም የምመጣው። ልጅቷ የምትውልበት ቦታ ተይዞላታል፣ የምዝገባው ወረቀት ከግብዣ ደብዳቤው ጋር አለ። እኔ አክስት ሆኜ ነው የምመጣው፣ ሥራ አልሠራም።

ቅዳሜ ጁላይ 4 ስገባ የእህቴ ባል ኤርፖርት ይቀበለኛል። እስከ 13 ድረስ እነሱ ቤት ነኝ፣ ለዚህ ጊዜ ብዙ ፕሮግራም አላወጣንም፣ ቁጭ ብለን ማውራት ነው የናፈቀን። ከ14 እስከ 17 በባቡር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬደው ከአጎታችን ቤት ሄጄ ሦስት ሌሊት አድራለሁ፣ እሱም ተቀብሎ እንደሚያሳድረኝ በፊርማው ጽፏል። 18 ላይ የባሏ ወላጆች እህቴ ቤት ይመጣሉ፣ እስከ ዛሬ ተገናኝተን አናውቅም። ከዛ በኋላ ያሉት ቀናት ከተማዋን ለማየት ናቸው፣ አርብ 24 እመለሳለሁ። የደርሶ መልስ ቲኬቱ ቡክ ተደርጓል እንጂ አልተከፈለም፣ ቪዛው ሲፈቀድ ነው የምከፍለው።

ወጪውን በተመለከተ፣ ቲኬቱንና የጉዞ ኢንሹራንሱን እኔ እከፍላለሁ፣ ለኪሴም የሚሆነኝን ከቁጠባዬ አወጣለሁ። ማደሪያና ምግብ በእህቴና በባሏ ነው፣ የሁለቱም የደመወዝ ማስረጃና የቤት ኪራይ ውላቸው ተያይዟል። የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንቴን ስታዩ ደመወዜ በየወሩ ሲገባ ታገኛላችሁ፣ ማርች ላይ ግን ከሦስት ወር ደመወዜ የሚበልጥ ብር አንዴ ገብቷል። እሱ መኪናዬን የሸጥኩበት ነው፣ ለቪዛ ብዬ የተበደርኩት አይደለም፣ የሽያጭ ውሉን ከስቴትመንቱ ኋላ አያይዤዋለሁ።

ይሄን ያህል የማብራራው ከሁለት ዓመት በፊት አመልክቼ ስለተከለከልኩ ነው፣ ፎርሙም ላይ አልደበቅኩትም። ያኔ ከሰው የገለበጥኳት አራት መስመር ደብዳቤ ነበረች ያስገባሁት፣ ማን እንደሚከፍልልኝም መቼ እንደምመለስም በደንብ አትናገርም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።

የምመለስበት ምክንያት ሩቅ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት 11 ዓመቴ ነው፣ 15 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ተፈቅዶልኛል፣ ሰኞ ጁላይ 27 ወደ ሥራ እንደምገባ የፈቃድ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ባለቤቴና የ9 እና የ6 ዓመት ልጆቼ እዚሁ ይቀራሉ። ለምን አብረው አልሄዱም ካላችሁ፣ እውነቱን ለመናገር የአራት ሰው ቲኬት አይቻለኝም፣ ባለቤቴም በዛ ሰሞን ፈቃድ አያገኝም። ትንሿማ ስንት ሌሊት እንደሆነ ካላንደሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እያከበበች ነው።

አንድ የምታስቸግር ነገር አለች። የአባታችን ስም በኔ ፓስፖርት በአንድ ኤስ፣ በእህቴ ደግሞ በሁለት ኤስ ነው የተጻፈው። ሰውየው አንድ ነው፣ የሁለታችንም የልደት ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ አለ፣ የአባትና የእናት ስም እዛ ላይ ይመሳከራል።

ከዚህ ሌላ የእህቴ የግብዣ ደብዳቤና የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቴ፣ የልጆቼ የልደት ወረቀትና የቆይታዬን ቀናት በሙሉ የሚሸፍነው ኢንሹራንስ አብረው አሉ። ፓስፖርቴ ከምመለስበት ቀን በኋላ ገና ሁለት ዓመት ያገለግላል። የጎደለ ወረቀት ካለ ወይም ለኢንተርቪው ከፈለጋችሁኝ በፎርሙ ላይ ባለው ስልክ ደውሉልኝ፣ በሥራ ሰዓትም ቢሆን አነሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አመልካቿ
(ሙሉ ስሜና የፓስፖርት ቁጥሬ በማመልከቻ ፎርሙ ላይ እንደተጻፈው ነው)