የስንዴ ዋግ ምክክር ጉባኤ የመዝጊያ ምስጋና

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ ተመራማሪዎች፣ የግብርና ባለሙያዎችና አርሶ አደሮች፤

አሰላ ላይ ለሦስት ቀን የመከርንበት ጉባኤ እዚህ ያበቃል። አዘጋጅ ኮሚቴው ምስጋናውን እንዳቀርብ አዞኛል። የደከሙልን ሰዎች ስም ከነተቋማቸው በመውጫው በር ላይ ተለጥፏል፤ በጉባኤው ሰነድ የመጀመሪያ ገጽም ይታተማል። እኔ ግን አንድ የናሙና ፖስታ የሚሄድበትን መንገድ ተከትዬ ላመስግን፤ አብዛኞቻችንን በዚያ መንገድ ላይ እናገኛቸዋለንና።

ፖስታው የሚነሳው ከማሳ ነው። ከአርሲና ከባሌ የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ አገዳው ላይ ሸክላ የመሰለ ቀይ ዱቄት ስታዩ ለጣቢያው ወዲያው ስለምትናገሩ እናመሰግናለን። በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት ተነስተው «መድኃኒቱ የሚደርሰው ስንዴው ከታመመ በኋላ ነው» ሲሉን፣ ከሰዓት በኋላው ውይይት በሙሉ ወደዚያው ዞረ። የጉባኤው ሁለተኛ የውሳኔ ሐሳብ የእርስዎ ነው፣ እናታችን።

ቀጥሎ የቀበሌ ልማት ሠራተኞች። የታመመውን አገዳ ቆርጣችሁ፣ በጥላ አድርቃችሁ፣ በወረቀት ፖስታ ከታችሁ፣ የዝርያውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። በፕላስቲክ የታሸገ ናሙና እርጥበት ይቋጥራል፤ ሻጋታ ይወርሰዋል፤ ላቦራቶሪ ሲደርስ በሕይወት ያለ ዋግ አይገኝበትም። ዝርያው ያልተጻፈበት ፖስታም የትኛው ስንዴ እንደተሸነፈ አይነግረንም። በግልጽ የእጅ ጽሕፈት የተሞላች አንዲት ፖስታ ለአገር የምትሰጠውን ጥቅም እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን።

ፖስታውን አምቦ ላይ የሚቀበሉት የላቦራቶሪና የግሪን ሃውስ ቴክኒሺያኖች ናቸው። ዋጉን በሚጋለጥ ስንዴ ላይ ማባዛት፣ ከአንዲት ቁስል ብቻ ንጹሑን መለየት፣ በ20 መለያ የስንዴ መስመሮች ላይ መርጨት፣ ሌሊቱን በእርጥበት ማቆየት፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እያንዳንዱን ቅጠል አይቶ መመዝገብ፤ ይህ ሁሉ የእነሱ እጅ ሥራ ነው። በጥናት ወረቀት ላይ ስማቸው ብዙ ጊዜ አይታይም። በዚህ ጉባኤ የቀረበው የዋግ ዘር ትንተና ሁሉ ግን የቆመው በእነሱ ምዝገባ ላይ ነው። እባካችሁ፣ ከኋላ ረድፍ ያላችሁ ቴክኒሺያኖች ብድግ በሉልን፤ ጉባኤተኛው በጭብጨባ ያመስግናችሁ።

አመሰግናለሁ፤ ተቀመጡ።

ጽሑፍ ያቀረባችሁ ተመራማሪዎች፣ በተለይ የከሸፈውን ሙከራችሁንም ሳትደብቁ ላቀረባችሁ ምስጋናችን የላቀ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ሲመታ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብዙ ገበሬ የተማመነበት ዲገሉ በአዲስ የግንድ ዋግ ዘር ሲወድቅ የተማርነው፣ መጥፎውን ዜና ቀድሞ የሚናገር ሰው እንደሚያስፈልገን ነው። የመድረክ መሪዎችም ሰዓት ስላስከበራችሁ ለጥያቄ በቂ ጊዜ ተርፏል፤ የእናታችን ጥያቄ የተሰማው በዚያ በተረፈው ጊዜ ነው።

በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መካከል ሦስቱን ቀን ያስተረጎሙልን ሁለት ወጣቶች «የግንድ ዋግ» እና «ቢጫ ዋግ» እንዳይምታቱ የቃላት ዝርዝር አዘጋጅተው ነው የመጡት። የሚረጨው መጠንና ጊዜ በትርጉም ቢሳሳት የሚጎዳው ገበሬ ነውና ጥንቃቄያችሁን ከልብ እናደንቃለን።

ትናንት መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ያስነሳው የአዳራሹ ኤሌክትሪሺያን፣ ረቡዕና ዓርብ የጾሙን ምግብ ለይተው ያቀረቡልን የወጥ ቤት ሠራተኞች፣ ከንጋት በፊት ተነስተው ከቁሉምሳ ማሳ ያደረሱንና የመለሱን ሾፌሮች፣ ከሁላችን ቀድመው ገብተው ከሁላችን በኋላ የሚወጡት የጽዳት ሠራተኞች፤ ሥራችሁን አይተናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። የጉባኤውን ወጪ የሸፈናችሁ ተቋማትም፣ ገንዘቡ የአርሶ አደሮችን ትራንስፖርትና አበል እንዲጨምር ስለተስማማችሁ እናመሰግናለን። ያለዚያ በዚህ አዳራሽ ስለ ገበሬ እንጂ ከገበሬ ጋር አንነጋገርም ነበር።

ከመበታተናችን በፊት፦ ፖስተር የሰቀላችሁ አሁን አውርዱ። ለመጪው የመኸር ወቅት የሚሆኑ ባዶ የናሙና ፖስታዎች በምዝገባ ጠረጴዛው ላይ አሉ፤ እያንዳንዱ ወረዳ 50 ይውሰድ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ 10 ሰዓት ላይ ከዋናው በር ይነሳል፤ የባሌ ሮቤ ተጓዦች ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ከሆቴሉ ትወጣላችሁ።

በሰላም ያግባችሁ። አመሰግናለሁ።