አንድ ቁጥር አያስደንግጣችሁ፦ ደም ግፊትን በቤት ውስጥ መለካት

(ነርሷ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ የክንድ ደም ግፊት መለኪያ አለ።)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ነርስ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከማላቋርጣቸው ሥራዎች አንዱ ይህን ጨርቅ የሰው ክንድ ላይ መጠምጠም ነው። ቁጥሩ ሊወጣ ሲል ብዙ ሰው መለኪያውን ትቶ የእኔን ፊት ያያል። «ምነው? ከፍ አለ እንዴ?»

አንዳንዴ አዎ፣ ከፍ ይላል። ግን ሰውየው ደረጃውን በሩጫ ነው የወጣው። ሽንቱ መጥቶበታል። ስለካው ደግሞ ስልክ እያወራ ነበር። እንዲህ በተለካ ቁጥር ምን ብዬ ልፍረድ?

ደም ግፊት ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው። ስንተኛ ይቀንሳል፤ ስንናደድ ይጨምራል። የእኛን ጋዋን ሲያዩ ብቻ የሚጨምርባቸው ሰዎችም አሉ፤ ቤታቸው ሲለኩት ደህና ነው። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ስለዚህ ቁጥሩ እጅግ ከፍ ካላለ በስተቀር፣ በአንድ ልኬት ብቻ «ግፊት አለብህ» አይባልም።

(መለኪያውን አንስታ ታሳያለች።)

ቤት ውስጥ ለመለካት የክንድ መለኪያ ከእጅ አንጓው የተሻለ ነው። ጨርቁ ልካችሁ ይሁን። ወፈር ያለ ክንድ ላይ ትንሽ ጨርቅ ከታሰረ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል።

ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ቡና፣ ሲጋራና ስፖርት ይቅር። ሽንት ቤት ግቡ። ከዚያ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ዝም ብላችሁ ስል፣ ስልክም ሳትነካኩ ማለቴ ነው፤ እሱ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚያምጸው።

አሁን እዩኝ። ጀርባዬ ተደግፏል። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ረግጠዋል፤ አልተደራረቡም። ክንዴ ጠረጴዛው ላይ አርፏል፣ ጨርቁም በልቤ ትይዩ ነው። ክንድ ተንጠልጥሎ ከተለካ ቁጥሩ ይጨምራል። ጨርቁን የማስረው በባዶ ክንድ ላይ ነው፣ ከክርን መታጠፊያ ከፍ አድርጌ። እጅጌን ወደ ላይ ሰብስቦ ክንድን ማነቅም አይጠቅም፤ ማውለቁ ይሻላል። ሲነፋ ማውራት የለም።

(ትለካለች። ዝም ትላለች።)

አንድ ደቂቃ ቆይቼ እደግማለሁ። ሁለቱንም እጽፋለሁ። ደስ ያለኝን መርጬ አይደለም!

የላይኛው ቁጥር ልብ ስትኮማተር ያለው ግፊት ነው፤ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው። በቤት ልኬት፣ የብዙ ቀን አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። በጤና ተቋም ብዙ ጊዜ የሚያዘው 140 በ90 ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳርና የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፣ የእናንተን መጠን ሐኪማችሁ ይንገራችሁ።

«ራሴን አያመኝም፣ እንግዲያው ግፊት የለብኝም» የሚሉኝ አሉ። ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። የራስ ምታት ሁሉም ግፊት አይደለም። የሚታወቀው ሲለካ ነው።

መለኪያው 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየስ? መጀመሪያ ራሳችሁን እዩ። ደረት የሚያስጨንቅ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር፣ ድንገተኛ የዕይታ መደብዘዝ ወይም ግራ መጋባት ካለ፣ እንደገና ልለካ ሳትሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እነዚህ ምልክቶች እኮ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ያስኬዳሉ። ምንም ከሌለ፣ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙት። አሁንም እዚያው ከሆነ በዚያው ቀን ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ። የጎረቤት ኪኒን ግን አትዋጡ። ግፊትን በአንዴ ማውረድ ራሱ ጉዳት አለው።

መድኃኒት የጀመራችሁ ደግሞ፣ ቁጥሩ ስላማረ ብቻ አታቁሙት። ያማረው ስለምትወስዱት ሊሆን ይችላል። ካልተስማማችሁ ንገሩን፤ ሌላ አማራጭ አለ። ጨው መቀነስ፣ በእግር መሄድ፣ መጠጥና ሲጋራ... ይህን ሳትሰሙት አትቀሩም፣ እውነት ስለሆነ ነው የሚደጋገመው።

ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ለኩ። መድኃኒት ካላችሁ የጠዋቱን ከመዋጣችሁ በፊት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሮቹን ጻፉ። ለቀጠሮ ስትመጡ ወረቀቱንም መለኪያውንም ይዛችሁ ኑ፤ ከእኛው ጋር እናስተያየዋለን።