እንኳን ማርያም ማረችሽ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየሺ፣ ፍኖተ ሰላም።

እታለም፣ ይህንን ወረቀት ጮክ ብለሽ አንብቢላት። እሷ ትጋደም፣ ዓይኗን አታድክም። ዘላለምም ከጓዳ ይውጣና ይስማ።

የሺዬ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! እንኳን በሰላም ተገላገልሽ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለት ነፍስ ሆነሽ ከርመሽ ሁለታችሁም በሕይወት ለየብቻ ተኛችሁ። ዓርብ ማታ ስልኩ ሲጮኽ እጄ ሊጥ ውስጥ ነበር። እናትሽ «ተገላገለች» ስትለኝ ሴት ትሁን ወንድ አልጠየቅሁም። «እሷስ?» ነው ያልሁ። «ደኅና ናት፣ አጥሚት እየጠጣች ነው» እስክትለኝ ድረስ ቆሜ ነበር፤ ከዚያ ቁጭ አልሁ።

ትናንት የኅዳር ጽዮን ስለነበረች፣ በዚህ ጉልበቴም ቢሆን ቅጥሩ ድረስ ደርሼ ስለቴን አስገብቻለሁ። አንቺ ሰማንያ ቀንሽ ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን አትገቢምና በአንቺ ፈንታ እኔ ተሳለምሁልሽ።

ሰው ለሠርግ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል፤ ለሹመትም ይላል፣ ፈተና ላለፈም ይላል። ለአራስ ግን አገራችን ለብቻው ያስቀመጠው ቃል አለው። ልጁን ከማየቱ በፊት፣ ከደጅ ሲገባ፣ ለእናቲቱ «ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ይህ ቃል ከየት እንደመጣ እኔ የገባኝ አንቺ በተወለድሽበት ዕለት ነው። ደጋግሜ ነግሬሻለሁ፤ ዛሬ ግን እናት ሆነሽ ስሚው።

ሐምሌ 1991 ነበር፣ የጮቄ ዝናብ ሌት ከቀን የማያባራበት። እናትሽ ሁለት ሌሊት አማጠች። በሦስተኛው ማለዳ የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛ ሠርተው፣ ላዩን በሰሌን ሸፍነው፣ እየተቀባበሉ ወደ መኪና መንገድ አወረዷት። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። እኛ ሴቶቹ ከኋላ «ማርያም፣ ማርያም» እያልን እንከተላለን፤ ሌላ የምንለው ነገር አልነበረንም። መንገድ ሳንደርስ ዋርካው ሥር «አሳርፉኝ» አለች። ወንዶቹ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ፣ እኛ ነጠላችንን ዘርግተን ከለልናት፤ አንቺም እዚያው ዝናብ ላይ መጣሽ። አያትሽ እትብትሽን እያሰረች አንድም ጊዜ «ምንድን ናት?» አላለችም። የእናትሽን ፊት ይዛ «ማረችሽ፣ ማረችሽ፣ ማርያም ማረችሽ» ብቻ ትል ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ እንዲህ የሚልሽ ሰው ሁሉ ለወጉ ብሎ አይምሰልሽ።

አንቺ በሐኪም ቤት፣ በአዋላጅ እጅ፣ በመብራት ወለድሽ። ለዚያች አዋላጅ ልጄ እጇ ይባረክ፣ የእሷንም ማኅፀን ማርያም ትጠብቅላት። በእኔ ስም አመስግኑልኝ፤ ማር ልኬላታለሁ፣ ትንሿ ዕቃ የእሷ ናት።

ዘላለም ልጄ፣ እንኳን ለአባትነት አበቃህ። አምና ጥር፣ በመልሳችሁ ዕለት፣ ሽማግሌዎቹ «የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ፤ ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ» ብለው ሲመርቁ አንገትህን ደፍተህ «አሜን» ስትል አይቼሃለሁ። ብዙ ሙሽራ ያንን ምርቃት ቶሎ ውለዱ ማለት ብቻ ይመስለዋል። አብርሃም መቶ፣ ሣራም ዘጠና ዓመት ሆኗቸው እኮ ነው ይስሐቅን ያዩት። ልጅ ቢዘገይ ትዳሩ አይላላ ማለትም ነው። ለእናንተ እግዚአብሔር ቸኮለላችሁ፤ የሚዜዎቹ «የዛሬ ዓመት የማሙሽ እናት» ዓመቱ ሳይሞላ ደረሰ፣ ማሙሽ በሚሚ ተተካ እንጂ። ሲያማት ከበሩ አልራቅህም ብለውኛል። አንተን የወለደች እናት ማኅፀኗ ይባረክ። አሁን ደግሞ ሌሊት ስታለቅስ ተነሥተህ እቀፋት፤ አራስ እንቅልፏ ከመድኃኒት ይበልጣል።

እታለም እህቴ፣ እንኳን ለአያትነት አበቃሽ! በዋርካው ሥር ያቀፍናት ልጅ ልጅ አሳቀፈችሽ። ምን እላለሁ፤ ያንን ዕለት ያየን ሁለታችን ነን የቀረነው።

የዘላለምን እናትም እጅ ነሥቼ «እንኳን ደስ አለዎት፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ብላለች በሉልኝ። ገንፎውን እርስዎ እንደሚያገነፉ ሰምቻለሁ፤ እጅዎ አይንጠፍ።

በልጁ የላክሁት የጮቄ ገብስ ነው፣ ተቆልቶ የተፈጨ። ቅቤው ለጋ ነው፣ በኮረሪማና በአብሽ አንጥሬዋለሁ። ጾም ገባ ብለሽ እንዳታቅማሚ፤ አራስ ጾም አትገደድም፣ ቄሱንም ጠይቄያለሁ። ገንፎሽን በቅቤ ብዪ፣ ጠያቂው በኑግ ዘይት ይብላ። ነጩ መታቀፊያ እኔው የፈተልሁት ጥጥ ነው። አንቺ ከማርገዝሽ በፊት ነው የጀመርሁት፤ አልነገርሁሽም እንጂ። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፦ ለሕፃኗ ቅቤ የሚያልስ ካለ እጁን ያዢው። እንገርሽን አጥቢያት፣ አትድፊው፤ እኛ ሳናውቅ ስንቱን ደፋነው።

አሁን ወደ እሷ ልምጣ። የኔ እመቤት፣ እንኳን መጣሽ። በእናት በአባትሽ እጅ እደጊ። እግርሽ እርጥብ ይሁን፣ የገባሽበት ቤት ይሙላ። ዕድልሽን ከመልክሽ ያሳምረው። እንደ ግሽ ዓባይ ከትንሽ ጀምረሽ ስፊ፤ የጠማው ሁሉ ካንቺ ይጠጣ። ፊደል ቆጥረሽ፣ ለወግ ለማዕረግ በቅተሽ፣ እናትሽን ጡሪ። ክፉ አይይሽ፣ ክፉም አትዪ። አሜን በሉ እንጂ እዚያ ያላችሁት!

ክርስትናዋ እንደቆጠርሁት የካቲት 8 ይውላል፣ እሑድ፣ የቅበላው ዕለት። በማግሥቱ ዐቢይ ጾም ይገባልና ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም፤ ድግሱ በሥጋና በቅቤ ይሆናል። ጉልበቴን ማርያም ታጽናልኝ እንጂ ጠበል ስትረጭ ከፊት ነው የምቆመው። ጠላውን ለእኔ ተዉት፣ ጌሾና ብቅሉን ይዤ ሳምንት ቀድሜ እመጣለሁ።

የመጨረሻ ጉዳይ። በእኛ መንደር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነበር እልልታው። አንቺ በተወለድሽ ጊዜ፣ የሺዬ፣ ዝናቡ ላይ ቆመን ሦስት ብለን ስናቆም ሆዴ አልረጋም፤ የእናትሽ ምጥ ለወንድ ቢሆን ኖሮ ይበዛ ነበር ወይ ብዬ። ታላላቆቼ ፊት አፌን ያዝሁ። ዛሬ ግን ታላቋ እኔ ነኝ። ዓርብ ማታ ስልኩን ዘግቼ በረንዳ ወጣሁና ለልጅሽ እልል አልሁ፤ ጎረቤቱ ወንድ ተወለደ ብሎ መጣ፣ ሴት ናት አልሁት። ስድስት ብዬ ሰባተኛዋን አስቀርቻለሁ።

እታለም፣ እሷን አንቺ በያት። ወረቀቱን አስቀምጪና ከሕፃኗ ራስጌ ቁመሽ፣ ያን ጊዜ ስላልጨረስነው እልል በይ።

አክስትሽ እቴነሽ