ከኅዳር 15 እስከ 26 ፈቃድ ላይ ነኝ፦ የክትባት ክፍል ሥራ ርክክብ

ሰላም ባልደረቦቼ፣

ከሰኞ ኅዳር 15 እስከ ዓርብ ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም የዓመት ዕረፍት ላይ ነኝ። ሰኞ ኅዳር 29 ሥራ እገባለሁ። የክትባት ክፍሉን ሲስተር ሄለን ትይዛለች። የወሩን ሪፖርት ሙሉጌታ ይሠራል። ቅዳሜና እሁድ የፍሪጁን ሙቀት ተረኛው ነርስ ይመዘግባል። ያለሁበት ገጠር ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ መልእክት ብትጽፉልኝ ይሻላል፤ ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት አየዋለሁ። ለማይጠብቅ ነገር በቀጥታ ለኃላፊያችን ደውሉ።

ከዚህ በታች ያለው በእነዚህ ሁለት ሳምንታት መሸፈን ያለበት ነው። እዚህ ያልጻፍኩት ሁሉ፣ የፍሪጁን በረዶ ማቅለጥና የመጋዘን ቆጠራን ጨምሮ፣ እስክመለስ ይቆይ።

ፍሪጁ

ጠዋት 2 ሰዓት እና ከሰዓት 11 ሰዓት ሙቀቱ ተነቦ በሩ ላይ ባለው ቅጽ ይጻፍ። መሆን ያለበት ከ+2 እስከ +8 ዲግሪ ነው። ፍሪጅ ታጉ OK ካሳየ ቁጥሩን ጽፎ መፈረም ይበቃል። ALARM ካሳየ ግን መጀመሪያ የሙቀት ይሁን የቅዝቃዜ ለዩ፤ መሣሪያው ከ+8 በላይ 10 ሰዓት ሲቆይ ወይም ከ-0.5 በታች 60 ደቂቃ ሲቆይ ነው የሚያስጠነቅቀው። ብዙዎቻችን የምንፈራው ሙቀቱን ነው፤ ፔንታ፣ ፒሲቪ እና ቲዲን ቶሎ የሚያበላሸው ግን መቀዝቀዙ ነው፤ አንዴ በረዶ ከሠሩ መልሰው ቢቀልጡም አይሠሩም።

የቅዝቃዜ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ቫያሎቹን አትጣሉ፣ አትጠቀሙባቸውም። በከረጢት አድርጋችሁ «አይነካ» ብላችሁ ጽፋችሁ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ለዩአቸው። ከዚያ ሄለን የመናወጥ ሙከራውን ታድርግ፦ ከዚያው አምራችና ባች አንድ ቫያል ሆን ተብሎ ድንጋይ እስኪሆን በረዶ ይደረጋል፣ ይቀልጣል፣ ከተጠረጠረው ጋር እኩል ተናውጦ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የተጠረጠረው እንደ በረደው እኩል ወይም ፈጥኖ ካዘቀጠ ተበላሽቷል። ሙከራው ለአይፒቪ እና ለሮታ አይሠራም፤ እነሱን ለወረዳ ጤና ጽ/ቤት አሳውቁ።

መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። ይህ ፍሪጅ ግድግዳው ውስጥ በረዶ ስላለው ሳይከፈት በሞቃት ቀን እንኳ 20 ሰዓት ያህል መያዝ አለበት። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ቅጹ ላይ ጻፉና በየሁለት ሰዓቱ ከውጭ ንባቡን ተመልከቱ። +7 ላይ ሲደርስ ኮልድ ቦክሱን አዘጋጁ፤ ወረዳው ቫክሲኑን እንዲቀበል ደውሉ። የክፍሉ ቁልፍ ጥበቃ ቤት ጋሽ በላይ ዘንድ አለ።

አይስ ፓክ ከፍሪዘር እንደወጣ ካሪየር ውስጥ አይግባ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ጆሮ አጠገብ አናውጡት፤ ውስጡ ውኃ ሲንቀሳቀስ ሲሰማ ነው ዝግጁ የሚሆነው። ይህን ሳይጠብቁ የተጫነ ካሪየር ውስጥ ጥግ ያለው ፔንታ በረዶ ይሠራል።

አሁን ያለው ክምችት

ፔንታ 14 ቫያል፣ ፒሲቪ 13፣ ኩፍኝ 9፣ ቢሲጂ 3፣ ቲዲ 11፤ ሁሉም ባለ ብዙ ዶዝ ናቸው። ከኩፍኙ ስድስቱ የፊተኛው ቅርጫት ውስጥ ናቸው፤ የማብቂያ ቀናቸው ከሌሎቹ ይርቃል፣ ግን የቪቪኤሙ ውስጠኛ ካሬ መጥቆር ስለጀመረ ቀድመው ይውጡ። ካሬው እንደ ክቡ ቀለም ወይም ከዚያ በላይ ከጠቆረ አይወጋም።

ኅዳር 8 የተከፈተ አንድ የፔንታ ቫያል አለ፣ ቀኑ ተለጥፎበታል። በአግባቡ ከተያዘ እስከ ታኅሣሥ 6፣ ማለትም 28 ቀን ይሠራል። ቢሲጂ እና ኩፍኝ ግን ከተበጠበጡ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ወይም ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይጣላሉ። ከብክለት የሚጠብቅ ንጥረ ነገር ስለሌላቸው ባክቴሪያ ከገባባቸው ሕፃን ይገድላሉና «ትንሽ ቀርቷል» ብሎ ለነገ ማሳደር ፈጽሞ አይፈቀድም።

መበጥበጫው የዚያው ቫክሲን አምራች የላከው ብቻ ይሁን፤ ከአንድ ቀን በፊት ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። የኩፍኙ ሰማያዊ ቅርጫት፣ የቢሲጂው ነጭ ቅርጫት ውስጥ ነው። ሌላ መድኃኒት እዚያ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ የተከለከለው በመበጥበጫ ተሳስቶ እንዳይቀዳ ነው።

የጥያቄ ቅጹን ሞልቼ በመሳቢያው አስቀምጫለሁ። ሄለን ዓርብ ኅዳር 19 ቀሪውን ቆጥራ ቁጥሩን አስተካክላ ትላከው፤ መኪናው ሰኞ 22 ይመጣል። ቫክሲኑን ስትረከቡ የመበጥበጫው ቁጥር ከቫያሉ ጋር እኩል መሆኑን ሳታዩ አትፈርሙ።

የክትባት ቀናት

ጣቢያው ላይ ማክሰኞና ሐሙስ፦ 16፣ 18፣ 23፣ 25። ረቡዕ 17 ቀበሌ 04፣ ረቡዕ 24 ቀበሌ 07 ላይ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ካሪየሩን ይወስዳሉ። በተመለሰ ጊዜ የቀረውን ቫያል ቪቪኤም አይታችሁ ነው ወደ ፍሪጅ የምትመልሱት።

የቀሩ 7 ሕፃናት ዝርዝር መዝገቡ ውስጥ በካርድ ቁጥር አለ። ስማቸውን እዚህ ግሩፕ አልጻፍኩም፣ እናንተም አትጻፉ። ሦስቱ 04 ስለሆኑ ረቡዕ 17 ይገኛሉ ብዬ አምናለሁ፤ ባለሙያዋ አስቀድማ እናቶቹን እንድትጠራ ነግሬአታለሁ።

ከክትባት በኋላ ቀላል ትኩሳት የሚጠበቅ ነው። ማንቀጥቀጥ፣ ትልቅ እብጠት፣ ሆስፒታል መግባት ወይም ሞት ካለ ግን በዚያው ሰዓት ለኃላፊያችንና ለወረዳው ይነገር፣ ቫያሉም ይቀመጥ። አድሬናሊን ከመርፌ ትሪው በስተቀኝ ነው፤ ክትባት ከመጀመሩ በፊት መኖሩን እዩ። ሴፍቲ ቦክሱ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋ፣ አይታጨቅ።

ሪፖርት

ሙሉጌታ፣ ወሩ የሚዘጋው ቅዳሜ ኅዳር 20 ነው፤ DHIS2 ላይ እስከ ዓርብ 26 ይግባ። ታሊዎቹ አረንጓዴው ፋይል ውስጥ አሉ። የ04ን የኅዳር 17 ክትባት ጤና ኬላው በራሱ ሪፖርት ስለሚልክ ከጣቢያው ታሊ ላይ ደግመህ አትደምር፤ ባለፉት ወራት ቁጥራችን ሲያብጥ የነበረው በዚህ ነው። ብክነቱን የምታሰላው ከተከፈተው ዶዝ ላይ የተወጋውን ቀንሰህ፣ የቀረውን ለተከፈተው ዶዝ አካፍለህ ነው።

ርክክቡን ከሄለን ጋር ዓርብ ኅዳር 12 ከሰዓት 9 ሰዓት ክትባት ክፍል ውስጥ ቫያል በቫያል እናደርጋለን፤ የሚችል ተረኛ ሁሉ ይምጣ።

ሲስተር ማርታ
ክትባት ክፍል