በጽሑፍ ቃል የተገባልኝ 2,960 ብር ተመላሽ አለመድረሱን ስለማሳወቅ

ቀን፦ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለአውቶቡስ ትኬት መሸጫ መተግበሪያው ድርጅት
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በድጋፍ መዝገብ ቁጥር 2017-08-44163 የቀረበ የገንዘብ ተመላሽ ጥያቄ

ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በመተግበሪያችሁ አማካኝነት ከአዲስ አበባ ደሴ ለሚጓዙት ለወላጆቼ ሁለት ትኬት ገዝቻለሁ። ጉዞው የጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ሚያዝያ 9 ከንጋቱ 11 ሰዓት ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሳ ነበር። ለአንዱ ወንበር 1,450 ብር፣ በዚያ ላይ 60 ብር የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩ 2,960 ብር ከባንክ ሂሳቤ ወዲያውኑ ተቀንሷል።

ሚያዝያ 8 ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 ላይ ጉዞው መሰረዙን የሚገልጽ አጭር መልእክት ከእናንተ ደረሰኝ። ምክንያቱ አልተጠቀሰም። ለበዓል አገር ቤት የሚሄድ ሰው በዚያ ሰዓት ሌላ መኪና የት እንደሚያገኝ መገመት አይከብዳችሁም። ወላጆቼ በማግስቱ በእጥፍ ዋጋ በሚኒባስ ሄደዋል፤ የዚያን ልዩነት ግን አሁን አልጠይቅም። የምጠይቀው የራሴን ገንዘብ ብቻ ነው።

የተመላሽ ጥያቄዬን ያቀረብኩት በዚያው ምሽት ነው። መጀመሪያ ለሌላ ጉዞ የሚያገለግል ኩፖን ልትሰጡኝ ፈለጋችሁ፤ አልተቀበልኩም። ሚያዝያ 14 በላካችሁት ኢሜይል ደግሞ ጉዞው የተሰረዘው በእናንተ በኩል በመሆኑ የአገልግሎት ክፍያውን ጨምሮ ሙሉው 2,960 ብር በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ ከፈልኩበት ሂሳብ እንደሚመለስ አረጋገጣችሁልኝ። ቅዳሜንና እሑድን፣ የሚያዝያ 23ን የሠራተኞች ቀንና የሚያዝያ 27ን የአርበኞች ቀን ሳልቆጥር እንኳ የቀጠሮው ቀን ያለቀው ሚያዝያ 30 ነው።

ገንዘቡ አልመጣም። በምትኩ ግንቦት 5 መተግበሪያውን ስከፍት በትኬቱ ላይ በአረንጓዴ ፊደል «ተመላሽ ተደርጓል» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ከሥሩ «የግብይት ቁጥር» የሚል መስመር አለ፤ ፊት ለፊቱ ግን ባዶ ነው። እኔ የከፈልኩበት ደረሰኝ ቁጥሩም፣ ቀኑም፣ ሰዓቱም ተሟልቶ ተጽፎበታል። ከሂሳብ ወደ ሂሳብ የተላለፈ ገንዘብ ቁጥር አይኖረውም ቢባል የሚያምን የባንክ ሠራተኛ የለም። ስደውልም የተሰጠኝ መልስ «እኛ ልከናል፣ ባንክዎን ይጠይቁ» የሚል ነበር።

ስለዚህ ባንኬን ጠየቅሁ። ግንቦት 8 ከቅርንጫፉ በማህተም የተረጋገጠ፣ ከሚያዝያ 1 እስከ ግንቦት 8 ያለውን እንቅስቃሴ የሚያሳይ የሂሳብ መግለጫ ወስጃለሁ። በመግለጫው ላይ ከድርጅታችሁ የገባ አንድም ብር የለም፤ ገብቶ የተመለሰ ወይም በመንገድ ላይ ያለ ክፍያም አይታይም። መግለጫውን ግንቦት 11 በዚሁ የመዝገብ ቁጥር ላክሁላችሁ። ያገኘሁት ምላሽ «ውድ ደንበኛችን፣ ጉዳይዎ መፍትሔ ስላገኘ ተዘግቷል» የሚል ነው። እኔ ያላገኘሁት መፍትሔ ለማን እንደተሰጠ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የምትመርጡት ከሁለት አንዱን ነው። ገንዘቡን ልካችሁ ከሆነ የተላከበትን ቀን፣ የተላከበትን ሂሳብና የግብይት ቁጥሩን በጽሑፍ ስጡኝ፤ ቀሪውን ከባንኬ ጋር እኔ እከታተላለሁ። እነዚህን ማቅረብ ካልቻላችሁ ገንዘቡ አልተላከም ማለት ነውና እስከ ዓርብ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. 2,960 ብሩን ወደ ከፈልኩበት ሂሳብ አስገቡ። ኩፖን፣ ነጥብ ወይም ቅናሽ አልቀበልም። ጉዳዩም የተዘጋጀ መልስ ለሚልክ ሥርዓት ሳይሆን ደብዳቤውን አንብቦ በስሙ ለሚፈርም ኃላፊ እንዲመራልኝ እጠይቃለሁ።

በተባለው ቀን ምላሽ ካላገኘሁ ቅሬታዬን ከነማስረጃው ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር አቀርባለሁ። የሚያዝያ 14ቱ ኢሜይላችሁ በእጄ ነው። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረትም አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አያጣም።

መልሳችሁን በመተግበሪያው በተመዘገበው ኢሜይሌ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ላኩልኝ።

ከሰላምታ ጋር
ሰላማዊት ታደሰ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የሚያዝያ 2 የክፍያ ደረሰኝ፣ የሚያዝያ 8 የስረዛ መልእክት፣ የሚያዝያ 14 ኢሜይል፣ የግንቦት 5 የስክሪን ፎቶ፣ በማህተም የተረጋገጠ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ የመዝገቡን መዘጋት የሚገልጽ ምላሽ